«ሁለት ወይም ሦስት በስሜ» የተባለው ለምን ነበር?

ሰሞኑን አንዲት ወጣት ጠየቀችኝ። «ጋሼ፣ ጸሎት ላይ ሰው ሲያንስ ‹ሁለት ወይም ሦስት በስሜ በሚሰበሰቡበት በዚያ በመካከላቸው እሆናለሁ› እንላለን። ብቻዬን ስጸልይስ አብሮኝ የለም ማለት ነው?»

አለ እንጂ። ያው ማቴዎስ ምዕራፍ 6 ቁጥር 6 ላይ እልፍኝህ ግባ፣ ደጅህን ዝጋ፣ በስውር ላለው አባትህ ጸልይ ይላል። ጥያቄዋ ግን የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ።

ወጣት ሳለሁ በአንድ ጉባኤ የሽማግሌዎች ስብሰባ ላይ ቃለ ጉባኤ እይዝ ነበር። አንድ አገልጋይ የመዘምራኑን ገንዘብ አጉድሏል ተባለ። ክሱን ያመጣው አንድ ሰው ብቻ ነው። ሦስት ሽማግሌዎች ተቀመጡ፤ ተከሳሹ ግን አልተጠራም። ሒሳቡን የሚጽፍበት ጠርዙ የተላጠ ሰማያዊ ደብተር ነበረው። በብብቱ ይዞት ሲዞር ሁላችንም እናያለን። «እስቲ ደብተሩን አምጣው» ያለው ሰው አልነበረም። ሰብሳቢው ተነሥቶ «ሦስት ሆነን በስሙ ተሰብስበናል፤ ጌታ በመካከላችን ነው፤ ያሰርነው በሰማይም የታሰረ ነው» ብሎ ጸለየ። አሜን ተባለ።

እሁድ ዕለት ሰውየው ከአገልግሎት መታገዱ ከመድረክ ተነገረ። እሱም የሰማው ያን ጊዜ ነው፣ ሚስቱ አጠገቡ ተቀምጣ። ከዚያ በኋላ ወደዚያ ጉባኤ አልተመለሰም። ሒሳቡ ልክ ይሁን ጎደሎ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ደብተሩን ማንም አላየውማ።

ሰብሳቢው ክፉ ሰው አልነበረም። ለእኔም ጥቅስ በቃል መያዝን ያስተማረኝ እሱ ነው። የሚያስጠናን ግን አንድ አንድ ቁጥር እየነጠለ ነበር። «ሁለት ወይም ሦስት» የሚለውን የማቴዎስ ምዕራፍ 18 ቁጥር 20ን ያውቃል። ከቁጥር 15 ጀምሮ ያለውን በዚያ ክፍል ውስጥ ማንም አላነበበም።

ከቁጥር 15 ጀምራችሁ አንብቡት። ወንድምህ ቢበድልህ መጀመሪያ አንተና እሱ ብቻችሁን ሆናችሁ ተነጋገሩ ይላል። ካልሰማህ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዘህ ሂድ፣ ነገሩ በሁለት ወይም በሦስት ምስክር አፍ እንዲጸና። እነሱንም ካልሰማ ለጉባኤው ንገር። «ሁለት ወይም ሦስት» የተባሉት መጀመሪያ የመጡት እዚህ ላይ ነው፤ ምስክሮች ናቸው። ማሰርና መፍታት የሚከተለው ከዚህ በኋላ ነው። ቁጥር 20 ደግሞ ለዚህ ሁሉ ምክንያት ሆኖ ይመጣል። ጌታ በመካከል የሚሆነው ሰውየው ፊት ለፊት ተጠርቶ በተሰማበት ሸንጎ ነው ማለት ነው። የእኛ ሰዎች ሦስቱንም ደረጃ ዘለው ማኅተሙን ብቻ ወሰዱ።

የምስክሩ ሕግ የተወሰደው ከዘዳግም 19 ነው። እዚያም ቁጥር 15 ላይ አንድ ምስክር ብቻውን በሰው ላይ አይቆምም ይላል። ቁጥር 17 ላይ የሚከራከሩት ሁለቱም በእግዚአብሔር ፊት፣ በካህናቱና በዳኞቹ ፊት ይቁሙ ይላል። ዳኞቹም አጥብቀው ይመርምሩ ይላል። ከሳሹ ሐሰተኛ ሆኖ ከተገኘ በወንድሙ ላይ ያሰበው ቅጣት በራሱ ላይ ይመለሳል። የዚያን ቀን ከሳሹን እንኳ የጠየቀው አልነበረም።

የዛሬ ልጆች ጥቅስን በሥዕል ላይ ተጽፎ በስልክ ስለምታዩት በፊቱና በኋላው ያለው አይታያችሁም። ይሄ ያሳዝነኛል። ለነገሩ እኛም በሥዕል ባይሆን በቃል ያው ነበርን። እናንተ እንዲያውም ጣታችሁን ወደ ላይና ወደ ታች ብትገፉ ሙሉ ምዕራፉ እዚያው አለ።

በፊቱ ያለው ከመቶ አንዷን የጠፋች በግ ፍለጋ ስለሚሄድ ሰው ነው። በኋላው ጴጥሮስ «ወንድሜ ቢበድለኝ ስንት ጊዜ ይቅር ልበለው? እስከ ሰባት ጊዜን?» ብሎ ይጠይቃል። ከዚያ እልፍ መክሊት የተተወለት ባሪያ በመቶ ዲናር ባልንጀራውን ሲያንቅ እናያለን። የክሱ ሥርዓት በፍለጋና በይቅርታ መካከል ነው የተቀመጠው። ዓላማውም በቁጥር 15 ላይ ተነግሯል፤ ወንድምህን ገንዘብ ለማድረግ ነው። «እንደ አረመኔና እንደ ቀራጭ ይሁንልህ» የሚለው እንኳ የሚመጣው ሰውየው በየደረጃው ተሰምቶ እንቢ ካለ ብቻ ነው።

እንግዲህ ሰው ሲያንስ ጥቅሱን አትጥቀሱ ማለቴ አይደለም። ቁጥር 19 ራሱ ሁለት ሰዎች ተስማምተው ስለሚለምኑት ይናገራል። ይሄን ስል ግን አንድ ነገር ያሰጋኛል። ቁጥር 15ም ተነጥሎ ሰው መጉጃ ሊሆን ይችላል። ሕፃን የተጎዳበትን ወላጅ «መጀመሪያ ብቻህን ሄደህ አነጋግረው፣ ለሰው አትንገር» የሚል ሽማግሌ ሲያጋጥማችሁ ወደ ቁጥር 6 ውሰዱት። ከነዚህ ከታናናሾቹ አንዱን የሚያሰናክል ሰው የወፍጮ ድንጋይ በአንገቱ ታስሮ ባሕር ቢሰጥም ይሻለዋል የተባለው እዚያው ምዕራፍ ላይ ነው።