ዋጋው ሲጠፋ ለደንበኛ የሚጻፍ ኢሜይል

በገንዘብ አስተዳደር ሙያ ለተሰማራችሁና ለመሰማራት ለምታስቡ ወጣቶች፤

አነስተኛ ፈንድ የሚያስተዳድር ሰው ለደንበኞቹ ከሚጽፋቸው ኢሜይሎች ሁሉ ከባዱ ኪሳራን የሚያስታውቀው አይደለም። የሚከብደው የዋጋ መረጃ በመቋረጡ በኮምፒውተር የሚካሄደው ግብይት ቆሞ እንደ ነበር የሚያስረዳው ነው። ደንበኛው ገንዘቡን ያስረከበው ሲስተሙ ያለ ማቋረጥ ይሠራል ብሎ ሲሆን፣ እናንተ ደግሞ የምትነግሩት ሲስተሙ የቆመው መቆም ስለ ነበረበት መሆኑን ነው። ይህ እንዴት ሊታመን በሚችል መንገድ እንደሚጻፍ በአንድ ምሳሌ ላሳያችሁ።

አንድ ፈንድ ከሀብቱ 40 በመቶውን በአክሲዮን ይዟል እንበል። በዓለም አቀፉ ሰዓት ከ14:32:10 ጀምሮ ከመረጃ አቅራቢው የሚመጣው ዋጋ ይቆማል፤ ግንኙነቱ ግን አልተበጠሰም፣ መስመሩ ሕያው መሆኑን የሚያስታውቀው ምልክትም በየሰከንዱ መድረሱን ቀጥሏል። በስክሪኑ ላይ የመጨረሻው ዋጋ እንዳለ ተቀምጧል። መስመሩን ብቻ የሚቆጣጠር ሲስተም በዚህ ጊዜ ገበያው ጸጥ ያለ ይመስለውና በአረጀ ዋጋ መግዛትና መሸጡን ይቀጥላል። ጉዳቱን የሚያጋልጠው እያንዳንዱ ዋጋ ይዞት የሚመጣው ሰዓት ነው፤ ያ ሰዓት ወደ ፊት መሄዱን ካቆመ ዋጋው የአሁን አይደለም። እርግጥ ብዙ ገዢና ሻጭ የሌለው አክሲዮን ያለ ምንም ብልሽት ለደቂቃዎች አዲስ ዋጋ ላያሳይ ይችላል። ስለዚህ በደንብ የተሠራ ሲስተም በአንድ አክሲዮን ዝምታ አይደነግጥም፤ ብዙ የሚገበያዩት ሁሉ በአንድ ጊዜ ለምሳሌ ለ5 ሰከንድ ዝም ሲሉ ግን አዲስ ትዕዛዝ መላክ ያቆማል።

በምሳሌያችን ሲስተሙ በ14:32:16 ቆመ። ትዕዛዝ ወደ ደላላው የሚሄድበት መስመር ዋጋ ከሚመጣበት መስመር የተለየ ስለሆነ፣ ገና ያልተፈጸሙ 11 ትዕዛዞች እንዲሰረዙ ጥያቄ ተላከ፤ ዘጠኙ ተሰረዙ፣ ሁለቱ ግን የስረዛው ጥያቄ ሳይደርስ ተፈጽመው ተገኙ። ዋጋ በ15:09 ተመለሰ፣ ግብይት የቀጠለው ግን በ15:31 ነው።

አብዛኛው ጀማሪ ይህን ሁሉ «በቴክኒክ ችግር ምክንያት ግብይት ለአጭር ጊዜ ተቋርጦ የነበረ ሲሆን የደንበኞቻችን ሀብት ሙሉ በሙሉ ደኅንነቱ የተጠበቀ ነበር» ብሎ ያሳጥረዋል። ዓረፍተ ነገሩ ሲነበብ ያምራል፤ የመጨረሻው ክፍል ግን እውነት አይደለም። የቆመው አዲስ ትዕዛዝ መላክ ብቻ ነው፤ 40 በመቶው አክሲዮን በዚያ ሁሉ ጊዜ ከገበያው ጋር ሲወጣና ሲወርድ ነበር። እኔ ብሆን የኢሜይሉን መጀመሪያ እንዲህ እጽፈዋለሁ፦

«ዛሬ ከ14:32 እስከ 15:31 ድረስ ፈንዱ አዲስ የግዢም ሆነ የሽያጭ ትዕዛዝ አልላከም። ምክንያቱ የዋጋ መረጃ አቅራቢያችን አዲስ ዋጋ መላክ ማቆሙ ነው። ቀደም ሲል የተያዙት አክሲዮኖች በዚህ ጊዜ አልተሸጡም፤ ስለዚህ የገበያው መውረድ ነክቷቸዋል። ተልከው ከነበሩት 11 ትዕዛዞች ሁለቱ ከመሰረዛቸው በፊት ተፈጽመዋል፤ ዝርዝራቸው ከዚህ በታች ይገኛል።»

ከዚህ ቀጥሎ በእርግጠኝነት የሚመጣው ጥያቄ ዋጋው በ15:09 ከተመለሰ ለምን 22 ደቂቃ ተጨማሪ ቆያችሁ የሚለው ነው። ደንበኛው እስኪጠይቅ አትጠብቁ፤ መልሱ ለእናንተ ግልጽ ቢሆንም ለእሱ አይታወቀውም። መስመር ሲመለስ ተጠራቅመው የነበሩ መረጃዎች በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ አንድ ላይ ሊጎርፉ ይችላሉ። የግማሽ ሰዓት እንቅስቃሴ በሰከንዶች ሲያልፍ የሚያይ ሲስተም ገበያው በድንገት የተናወጠ ይመስለዋል። ካለፉት ደቂቃዎች ዋጋ አማካይ እየወሰደ የሚወስን ከሆነ ደግሞ በስሌቱ መካከል የተፈጠረው ክፍተት የተሳሳተ ምልክት ይሰጠዋል። ስለዚህ ክፍተቱ መሞላት፣ የተመለሰው ዋጋ ከሌላ ምንጭ ጋር መነጻጸር፣ በተለይም ፈንዱ ይዤዋለሁ የሚለው የአክሲዮን ብዛት ደላላው ከመዘገበው ጋር መመሳሰል አለበት። እነዚያ ሁለት የተፈጸሙ ትዕዛዞች በፈንዱ መዝገብ ላይ እንደ ተሰረዙ ተቆጥረው ቢሆን ኖሮ፣ ሲስተሙ እንደ ተመለሰ ያንኑ ግዢ በድጋሚ ያዝዝ ነበር።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ፤ ኢሜይሉ የሚታመነው ወይም የማይታመነው እዚህ ላይ ነው። ፈንዱ የያዛቸው አክሲዮኖች ከ14:32 እስከ 15:31 ባለው ጊዜ 0.5 በመቶ ወረዱ እንበል። 40 በመቶው ሀብት 0.5 በመቶ ሲወርድ የፈንዱ ጠቅላላ ዋጋ 0.20 በመቶ ይቀንሳል። ይህ ሁሉ ግን ግብይቱ በመቆሙ የመጣ አይደለም። የጎደለው መረጃ ኋላ ተሟልቶ ስሌቱ ሲደገም፣ ሲስተሙ ሥራ ላይ ቢሆን ኖሮ በ14:45 የአክሲዮኑን ድርሻ ከ40 ወደ 30 በመቶ ዝቅ ያደርግ እንደ ነበር ታየ። በዚያ ሰዓት ገበያው 0.2 በመቶ ወርዶ ነበር፤ የቀረው 0.3 በመቶ ነው። ሳይሸጥ የቀረው 10 በመቶ በዚህ ሲባዛ ግብይቱ በመቆሙ የደረሰው ጉዳት ከፈንዱ ሀብት 0.03 በመቶ ያህል ይሆናል። ሁለቱንም ቁጥሮች ጻፉ፤ ሁለተኛው ግምት መሆኑንና ሽያጩ በዚያው ዋጋ ይፈጸም ነበር የሚል ታሳቢ እንዳለበትም ጨምሩ። 0.20 ብቻ ተጽፎ «የገበያው እንቅስቃሴ ነው» ቢባል 0.03ን መደበቅ ይሆናል።

በሌላ ቀን ሲስተሙ ሊሸጠው የነበረው አክሲዮን ሳይሸጥ ቀርቶ ገበያው ቢወጣ፣ ግብይቱ መቆሙ ፈንዱን ሊጠቅመው ይችላል። ያን ዕለት «ሲስተማችን ከኪሳራ አዳናችሁ» ብሎ ለመጻፍ የሚመጣው ፈተና ቀላል አይደለም። ሲስተሙ ግን የቆመው ዋጋውን ማየት ስላልቻለ ነው፤ ወዴት እንደሚሄድ ስላወቀ አይደለም። አንድ ጊዜ ዕድልን እንደ ብልሃት የሸጣችሁ እንደሆነ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ደንበኛው ዕድለ ቢስነትን እንደ ስንፍና ቢቆጥረው መልስ የላችሁም።

አንዳንድ ደንበኛ ዋጋውን በስልኬ እያየሁ እናንተ እንዴት አጣችሁት ይላል። በስልክ የሚታየው ዋጋ በብዙ አገልግሎቶች ዘግይቶ የሚመጣ ወይም የመጨረሻውን ሽያጭ ብቻ የሚያሳይ ነው፤ ሲስተሙ የሚፈልገው ደግሞ ገዢዎችና ሻጮች በዚያች ቅጽበት የሚያቀርቡትን ዋጋና ብዛት ነው። ሁለተኛ አቅራቢ እንይዛለን ብላችሁ ቃል ከመግባታችሁ በፊትም ሁለቱ አቅራቢዎች መረጃውን ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ መሆን አለመሆናቸውን አጣሩ፤ ምንጩ ራሱ ሲደርቅ ሁለቱም አብረው ይጠፋሉ። በ2013 ነሐሴ ወር በፈረንጆቹ አቆጣጠር የአሜሪካው ናስዳክ በእሱ የተመዘገቡ አክሲዮኖችን ግብይት ለ3 ሰዓት ያህል ያቆመው፣ ዋጋዎችን አሰባስቦ ለሁሉም የሚያሰራጨው ሲስተም በመበላሸቱ ነበር። ይህን ለራሳችሁ እወቁት እንጂ በኢሜይሉ ውስጥ አታስገቡት፤ የሌላውን ብልሽት መጥቀስ ለደንበኛው ማመካኛ ይመስላል።

የመጀመሪያው ኢሜይል በዕለቱ፣ ለሁሉም ደንበኞች በአንድ ሰዓትና በአንድ ቃል ይላክ። ብዙ ገንዘብ ያስቀመጠው ደንበኛ ቀድሞ በስልክ ከሰማና ሌሎቹ ሳያውቁ ገንዘቡን ላውጣ ካለ፣ ነገሩ ከአገልግሎት ጉድለት አልፎ የሕግ ጉዳይ ሊሆን ይችላል። የጉዳቱ ግምት በዕለቱ ካልደረሰ «ስሌቱ አልተጠናቀቀም» ብላችሁ የምትልኩበትን ቀን ጻፉ። በሁለተኛው ኢሜይል ቁጥሩን፣ አቅራቢው የሰጠውን ምክንያት፣ እንዲሁም በሲስተሙ ላይ የተለወጠ ነገር ካለ እሱን አስታውቁ፤ ምንም ካልተለወጠም እንዳልተለወጠ ግለጹ።