ጀርባ የመሰለሽ ሆዷ ነው፦ ብላክ ዊዶን ከፎቶ መለየት

«ጤና ይስጥልኝ። ቨርጂኒያ ነው የምንኖረው። የጓሮ ጎመኑን ላጠጣ የውሃ ጎማውን ሳነሳ ከሥሩ ጥቁር የምታብለጨልጭ ሸረሪት አየሁ፤ ጀርባዋ ላይ ቀይ ነገር አላት። ሦስት ፎቶ አያይዣለሁ። መርዛማዋ ናት ወይስ ዝም ብላ የጓሮ ሸረሪት? ልጆች ስላሉኝ ነው።»

እህቴ፣ መርዛማዋ ናት። ብላክ ዊዶ፣ ያውም ያደገች ሴት። ልጆቹን ከዚያ ጥግ አርቂያቸውና ቀሪውን ተረጋግተሽ አንብቢ፤ ከድሯ ወጥታ ሰው የምታሳድድ ዓይነት አይደለችም።

አንድ ነገር ግን ላርም። በመጀመሪያው ፎቶ ላይ ቀይ ያየሽበት ቦታ ጀርባዋ ሳይሆን ሆዷ ነው። ብላክ ዊዶ ድሯ ላይ የምትውለው ተዘቅዝቃ ስለሆነ ከላይ ቆሞ ለሚያያት ሰው የሚታየው ሆዷ ነው። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ «ምልክቷ ከሆዷ በኩል ነው ይላሉ፣ የእኔዋ ግን ጀርባዋ ላይ ስለሆነ ሌላ ናት» ብሎ ይተዋታል።

የትኛውን ወገን እያየሽ እንደሆነ የሚነግርሽ የእግሮቿ መነሻ ነው። ፎቶውን አጉልተሽ የፊት አካሏን፣ ማለትም እግሮቿ የበቀሉበትን ትንሹን ክፍል ተመልከቺ። ስምንቱም እግሮች በአንዲት ትንሽ ልብ መሰል ሰሌዳ ዙሪያ ተደርድረው መነሻቸው ቁልጭ ብሎ ከታየ ሆዷን ነው የምታዪው። ጀርባዋ ቢሆን ኖሮ መነሻቸውን ጋሻ የመሰለ ሽፋን ይከልለው ነበር፤ እግሮቹም ከሽፋኑ ሥር ብቅ ያሉ ይመስሉ ነበር። በአንደኛው ፎቶሽ መነሻዎቹ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ፤ ስለዚህ ቀዩ ያለው ሆዷ ላይ ነው፣ መሆን ያለበትም እዚያው ነው።

ሁለተኛው ፎቶ ከጎን፣ ትንሽ ከታች የተነሳው፣ እውነተኛውን ጀርባ ያሳያል። ከመሃል ጀምሮ ወደ ጭራዋ በአንድ መስመር የወረዱ ትናንሽ ቀይ ነጠብጣቦች አሉ። ሦስተኛው፣ በጠርሙስ ይዘሻት በቂጡ በኩል ያነሳሽው፣ ከሁሉም ይበልጣል። ሆዷ ላይ ሁለት ቀይ ሦስት ማዕዘኖች ጫፍ ለጫፍ ተያይተዋል፣ ግን አይነካኩም፤ በመሃላቸው ቀጭን ጥቁር ክፍተት አለ። ብዙ ሰው የሚያውቀው ሁለቱ ተጋጥመው የአሸዋ ሰዓት ሲሠሩ ነው። ያ በአብዛኛው የደቡቧ ብላክ ዊዶ ምልክት ነው። የተቆረጠው ምልክትና የጀርባው ነጠብጣብ አንድ ላይ ሲገኙ ግን ወደ ሰሜኗ ብላክ ዊዶ ያደላል። ቨርጂኒያ ሁለቱም አሉባት። ለአንቺ ለውጥ የለውም፤ መርዛቸው አንድ ዓይነት ነው፣ ጥንቃቄውም ያው ነው። ይህን የምለው «ምልክቱ ሙሉ የአሸዋ ሰዓት ስላልሆነ አይደለችም» የሚል አስተያየት ከጥያቄሽ ሥር ስላየሁ ነው።

ቀለም ብቻውን አይበቃም። ፎቶ ላይ ከቀለም በፊት መታየት ያለበት ቅርጿ ነው። የብላክ ዊዶ የኋላ አካል እንደ አተር ድብልብል ያለ፣ ፀጉር የማይታይበት፣ ቫርኒሽ እንደተቀባ የሚያብለጨልጭ ነው። የፊት አካሏ ከዚያ ጋር ሲተያይ በጣም ትንሽ ነው። እግሮቿ ቀጫጭን ናቸው፤ የፊተኞቹ ሁለቱ ከሁሉም ይረዝማሉ፣ ሦስተኞቹ ጥንዶች ከሁሉም ያጥራሉ። ያደገች ሴት ያለ እግሮቿ ከ8 እስከ 13 ሚሊ ሜትር ትሆናለች። አንድ ፔኒ 19 ሚሊ ሜትር ስለሆነ አካሏ ከፔኒው ስፋት ማነስ አለበት። በፎቶሽ ከጠርሙሱ አጠገብ ያስቀመጥሽው ሳንቲም ጠቅሞናል፤ የግማሹን ያህል ናት።

ድሯም ይመሰክራል። ብላክ ዊዶ የተስተካከለ መንኮራኩር መሰል ድር አትሠራም። ዝብርቅርቅ ያለ፣ መልክ የሌለው ድር ከመሬት ጠጋ ብላ ትዘረጋለች፦ በጎማ ጥቅል ሥር፣ በውሃ ቆጣሪ ሳጥን ውስጥ፣ በተከመረ እንጨት መሃል፣ ተገልብጦ በተቀመጠ የአበባ ማሰሮ ውስጥ። ክሩ ጠንካራ ስለሆነ በእንጨት ስትስቢው ሲበጠስ ጠሽ የሚል ድምፅ ይሰማል። በቲማቲሙና በአጥሩ መካከል በአየር ላይ ክብ ድር ዘርግታ መሃሉ ላይ የተቀመጠች ሸረሪት ካየሽ ግን ብላክ ዊዶ አይደለችም።

ሰዎች ከእሷ ጋር የሚያምታቷቸው ጥቂቶች ናቸው። በነሐሴና በመስከረም ብዙ ፎቶ የሚላክላት ትልቋ ቢጫና ጥቁር የጓሮ ሸረሪት ናት። መልኳ ያስደነግጣል፤ አካሏ ብቻውን ከ2 ሴንቲ ሜትር ሊበልጥ ይችላል። ግን ክብ ድሯ መሃል ላይ ዚግዛግ ነጭ ጥልፍ አለ፣ የፊት አካሏንም ብርማ ፀጉር ሸፍኖታል። ጎመንሽን የሚበሉትን ነፍሳት ስለምትይዝልሽ ተያት። ሌላዋ ዘላዩዋ ሸረሪት ናት። ጥቁር ናት፣ ጀርባዋ ላይ ነጭ ወይም ብርቱካናማ ነጥብ አላት፣ ስለዚህ «ቀይ አላት» ተብሎ ይጮህባታል። ነገር ግን ፀጉራም ናት፣ እግሮቿ አጭርና ወፋፍራም ናቸው፣ ሁለት ትላልቅ ዓይኖቿም ካሜራውን አፍጥጠው ያያሉ። የብላክ ዊዶ ዓይኖች በተራ የስልክ ፎቶ ላይ እምብዛም አይለዩም። ዓይን ለዓይን የምታይሽ ከሆነ ዘላዩዋ ናት።

ከባዷ ሐሰተኛ ዊዶ የምትባለው ናት፤ ቅርጿ በጣም ስለሚቀርብ። እሷም ታብለጨልጫለች፣ ድሯም ዝብርቅርቅ ነው፣ ተዘቅዝቃም ትውላለች። ልዩነቱ ቀለሟ ከጥቁር ይልቅ ወደ ቡናማ ወይም ወደ ወይን ጠጅ ማድላቱ፣ የኋላ አካሏ ትንሽ ሞላላ መሆኑና ብዙ ጊዜ ከፊት በኩል እንደ ቀበቶ የከበባት የደበዘዘ መስመር መኖሩ ነው። ወሳኙ ግን ሆዷ ላይ ያ ደማቅ ቀይ ምልክት የለም። ለንደን ወይም ደብሊን ያላችሁ ብዙውን ጊዜ የምታነሷት እሷን ነው፤ ንክሻዋ ሊያም ይችላል፣ የብላክ ዊዶ ያህል ግን አይደለም። እስራኤል ወይም ፍሎሪዳ ላላችሁ ደግሞ ቡናማዋን ዊዶ ልጥቀስ። ምልክቷ ቀይ ሳይሆን ብርቱካናማ፣ እግሮቿ ዥጉርጉር፣ አካሏ ቡናማ ስለሆነ «ጥቁር አይደለችም» ተብላ ታልፋለች። የእንቁላል ከረጢቷን ፈልጉ፤ ላዩ ሁሉ እሾህ መሰል ጉጥ አለው።

ወጣቶቹም ያሳስታሉ። ያላደገች ብላክ ዊዶ ጀርባዋ ላይ ነጭና ብርቱካናማ መስመሮች ይኖሯታል፣ ስታድግ ነው የምትጠቁረው። ስለዚህ ዥጉርጉር ሆና ሆዷ ላይ ምልክቱ ካለ እንደ ዊዶ ቁጠሪያት።

አሁን ፎቶውን በተመለከተ፣ ምክንያቱም ሌሎችም ይጠይቃሉ። ወደ እዚህ ከሚላኩት ግማሾቹ የማይጠቅሙት ስልኩ ሸረሪቷ አፍንጫ ሥር ስለሚደቀን ነው። የስልክ ሌንስ በጣም ሲጠጋ ያደበዝዛል። 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ራቂ፣ ዙሙን 2 ላይ አድርጊ፣ ስክሪኑ ላይ ሸረሪቷን ነክተሽ ትኩረቱን እዚያው ያዢ። ፍላሹን አጥፊ። አብረቅራቂ አካል ላይ ፍላሽ ነጭ ነጥብ ይፈጥርና ያ ነጥብ ምልክት ይመስላል፤ አንደኛው ፎቶሽ ላይ «ነጭም አላት» ያሉሽ ያንን አይተው ነው። በእሱ ፈንታ ሌላ ሰው ከጎን በባትሪ ያብራልሽ። የበረንዳ ቢጫ መብራት ደግሞ ቡናማውን ቀይ ስለሚያስመስል በቀን ብርሃን የተነሳ ይሻላል። ስትልኪም ቴሌግራም ላይ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኪው፣ አለዚያ መጠኑን ሲቀንሰው ዝርዝሩ ይጠፋል።

ሆዷን ለማንሳት መጀመሪያ መርዝ አትርጪባት። ሸረሪት ስትሞት እግሮቿ ወደ ውስጥ ተጣጥፈው ሆዷን ይሸፍናሉ፣ ያን ጊዜ ማንም ሊለያት አይችልም። አንቺ ያደረግሽው ትክክል ነው፦ አፈ ሰፊ ጠርሙስ ደፍቶ፣ ወፍራም ካርቶን ከሥር አስገብቶ፣ ከዚያ በጠርሙሱ ቂጥ በኩል ማንሳት። የጎደለው ጓንት ብቻ ነው፤ በሁለተኛው ፎቶ ጥግ ላይ ባዶ እጅሽ ይታያል።

አሁን ጠርሙሱን በደንብ ክደኚ። ከዚያ ጓንትና ረጅም እጅጌ ለብሰሽ የጎማውን ጥቅል በረጅም እንጨት እያነሳሽ የእንቁላል ከረጢት ፈልጊ፤ ክብ ወይም ጠብታ መሰል፣ ነጣ ወይም ቡናማ ያለ፣ ወረቀት የመሰለ ነገር ነው፣ ድሩ ውስጥ ይንጠለጠላል። አንዱ ከመቶ በላይ እንቁላል ሊይዝ ስለሚችል ሸረሪቷን ብቻ ማስወገድ ሥራውን በግማሽ መተው ነው። በቫኪዩም ድሩንም የእንቁላል ከረጢቱንም ስበሽ የቫኪዩሙን ከረጢት በፕላስቲክ አስረሽ ወደ ውጭ ቆሻሻ ጣይው። ጎማውን ከዚህ በኋላ መሬት ላይ ሳይሆን ግድግዳ ላይ ስቀይው።

ንክሻ ከተጠረጠረ ቦታውን በሳሙናና በውሃ ታጥቢና በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ታደርጊበታለሽ። አትቁረጪ፣ አትምጠጪ። መጀመሪያ የመርፌ ያህል ብቻ ሊሰማ ወይም ጭራሽ ላይሰማ ይችላል፤ ምልክቱ ብዙ ጊዜ በሰዓታት ውስጥ የሚመጣው ከቁስሉ ሳይሆን ከጡንቻው ነው፦ እየተስፋፋ የሚሄድ ሕመም፣ የሆድ ወይም የጀርባ መኮማተር፣ ላብ። አሜሪካ ውስጥ የመርዝ መረጃ ማዕከሉ ቁጥር 1-800-222-1222 ነው፣ ቀንም ሌትም ይሠራል፣ አስተርጓሚም ይጠየቃል። የተነከሰው ሕፃን፣ ነፍሰ ጡር ወይም አዛውንት ከሆነ መኮማተሩን ሳትጠብቂ ደውዪ፤ መተንፈስ ካስቸገረው 911። ሦስተኛውን ፎቶ ስልክሽ ላይ አቆዪው፣ ለሐኪሙ የምታሳዪው እሱን ነው።