መልስ፦ ከመዝገብ ዋጋው በላይ ተከፍሎት የሚወጣ ሸሪክ

«አበበ 60,000፣ በላይ 50,000፣ ካሳ 40,000 ካፒታል አላቸው። ትርፍ የሚካፈሉት 5፡3፡2 ነው። ካሳ ጡረታ ሲወጣ ከድርጅቱ ገንዘብ 48,000 ተከፈለው። 8,000ውን ወጪ ልበለው?»

ወጪ አይደለም። በሸሪኮች መካከል የተደረገ የካፒታል ዝውውር ስለሆነ ወደ ትርፍና ኪሳራ መግለጫ አይገባም። ለካሳ በትርፍ የተከፈለውን 8,000 ማለትም ቦነሱን የሚሸከሙት የሚቀሩት ሁለቱ ናቸው፤ እርስ በርስ ባላቸው የትርፍ ድርሻ፣ ማለትም በ5፡3። ስለዚህ ከአበበ 5,000፣ ከበላይ 3,000 ይቀነሳል፦

ዴቢት፦ ካፒታል፣ ካሳ 40,000
ዴቢት፦ ካፒታል፣ አበበ 5,000
ዴቢት፦ ካፒታል፣ በላይ 3,000
ክሬዲት፦ ጥሬ ገንዘብ 48,000

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ክፍፍሉ ላይ ነው። በካፒታል መጠን (6፡5) የሚያካፍል አለ፤ ካሳን ጨምሮ በ5፡3፡2 የሚያካፍልም አለ። ሁለተኛው ሰውየውን የራሱን ቦነስ ማስከፈል ነው። የሚያስቸግረው ደግሞ ስሌቱ ቢሳሳትም ዴቢትና ክሬዲቱ እኩል መሆኑ ነው፤ ሚዛኑ ስህተቱን አያሳይም። የቀሩት ካፒታሎች 55,000 እና 47,000 መሆናቸውን ለየብቻ አረጋግጥ።

ከዚህ በፊት ግን እስከ መውጫው ቀን ያለውን ትርፍና የግል ወጪ በየካፒታሉ ዝጋ፤ አለዚያ 40,000 የሚለው ቁጥር ራሱ ትክክል አይሆንም። አሮጌው ሽርክና ቢፈርስም ሥራው ስለሚቀጥል ንብረት መሸጥ አያስፈልግም። ሁለቱ ከኪሳቸው ከፍለው ቢሆን ኖሮ ደግሞ የካሳ 40,000 ብቻ ወደ እነሱ ካፒታል ይዛወር ነበር፤ ቦነሱ በድርጅቱ መዝገብ ላይ አይታይም።