ቀን 9 ሜጋ፣ ማታ 3፦ ስለ ቤት ኢንተርኔት ጥያቄና መልስ

ከደሴ፣ ሆጤ፦ 10 ሜጋ ነው የገዛሁት። ፊልም ሳወርድ ግን 1 ነጥብ ምናምን ብቻ ያሳየኛል። ተበልቻለሁ ማለት ነው?

መልስ፦ አልተበላህም ወንድሜ፤ ሙሉውን እያገኘህ ነው። መስመሩ የሚሸጠው በሜጋ ቢት ሲሆን ማውረጃው የሚቆጥረው በሜጋ ባይት ነው። አንዱ ባይት 8 ቢት ስለሆነ 10ን ለ8 ስታካፍል 1.25 ይመጣል፤ ትንሽ በመንገድ ስለሚባክን 1.1 ወይም 1.2 ካየህ መስመሩ ጤነኛ ነው። 1 ጊጋ ፊልም ሩብ ሰዓት ገደማ ይፈጃል።

ከኮምቦልቻ፦ የእኔም 10 ሜጋ ነው። ቀን ላይ 9 ይሰጠኛል፣ ማታ 2 ሰዓት ላይ ግን 3 እንኳ አይሞላም። ልጆቹ የትምህርት ቪዲዮ የሚያዩት ደግሞ ያኔ ነው። ራውተሩን ልቀይረው?

መልስ፦ እስኪለዩት ድረስ ብር አያውጡ። ላፕቶፕዎን በኬብል ከራውተሩ ጋር ያገናኙ፣ የቀረውን ስልክና ቴሌቪዥን ሁሉ ከዋይፋይ ያስወጡ፣ ከዚያ ፍጥነቱን ይለኩ። ሌሊት 11 ሰዓት፣ ቀን 7 ሰዓትና ማታ 2 ሰዓት፣ ሦስት ቀን በተከታታይ ለክተው ይጻፉት።

ማታ በኬብል 9 እያገኙ በዋይፋይ 3 ከሆነ፣ ችግሩ ቤትዎ ውስጥ ነው። ብዙ ጊዜ የጎረቤት ዋይፋይ በዚያው ቻናል እየሠራ ይሆናል፤ በራውተሩ ቅንብር ገብተው ቻናሉን ወደ 1፣ ወደ 6 ወይም ወደ 11 ይቀይሩ። ሌሊት 11 ሰዓትም በኬብል 3 ከሆነ መስመሩ ራሱ ታሟል፤ የላላ ወይም እርጥበት የገባው መገጣጠሚያ፣ ፋይበር ከሆነ ደግሞ የቆሸሸ ወይም የታጠፈ ጫፍ ሊሆን ስለሚችል ባለሙያ ይጥሩ። በኬብል ሌሊት 9.4፣ ማታ 2.8 ካገኙ ግን መስመሩም ራውተሩም ደህና ናቸው። ከሌሎች ጋር የሚጋሩት ክፍል ሞልቷል፤ አዲስ ራውተር አንዲት ሜጋ አይጨምርም።

ከደሴ፣ ሰኞ ገበያ፦ ልጨምርበት። የሚጋራው በስልክ ሽቦ የሚመጣው የድሮው ነው። ፋይበር ያስገባ ሰው ይህ ችግር አይነካውም።

መልስ፦ ፋይበር የተሻለ መሆኑ እውነት ነው፤ ሽቦ ከጣቢያው በራቀ ቁጥር ፍጥነቱ ይወርዳል፣ ፋይበር ግን በከተማ ርቀት አይደክምም። መጋራቱን በተመለከተ ግን ነገሩ ተገልብጧል። የስልክ ሽቦው ከቤትዎ እስከ ጣቢያው የእርስዎ ብቻ ነው። ፋይበሩ ግን መንገድ ላይ ይከፋፈላል፤ በተለመደው ጂፖን በሚባለው አሠራር አንዱ ክር ለ32 ወይም ለ64 ቤት ይደርሳል፣ ሁሉም የሚካፈሉት ወደ 2,500 ሜጋ ገደማ ነው።

ስሌቱን ይዩት። 64 ቤቶች 10፣ 10 ሜጋ ቢገዙ 640 ብቻ ስለሆነ ሁሉም ባንዴ ቢጠቀሙም ይበቃል። 100፣ 100 ቢገዙ 6,400 ይሆናል፤ ሁሉም ባንዴ ቢስቡ ለአንዱ ቤት የሚደርሰው 39 ነው። ባንዴ ስለማይስቡ ግን ብዙውን ጊዜ አይታወቅም። ስለዚህ የኮምቦልቻው ጠያቂ 10 ሜጋ የሚጠበው ፋይበሩ ላይ ሳይሆን ከዚያ በላይ፣ ከሰፈሩ ጣቢያ ወደ ዋናው መስመር በሚወጣው በኩል ሳይሆን አይቀርም። ያንን ከቤት ሆኖ ማየት አይቻልም።

ከደሴ፣ ፒያሳ፦ የእኔ ሲም የሚገባበት ራውተር ነው፣ ጥቅሉም «ያልተገደበ» ይላል። ከወሩ አጋማሽ በኋላ ግን ይሞታል። ይሄም ያው የማታው መጨናነቅ ነው አይደል?

መልስ፦ ይህ ሌላ ነው። በብዙ «ያልተገደበ» ጥቅል ውስጥ፣ የተወሰነ ጊጋ ካለፈ በኋላ ፍጥነቱ ዝቅ እንደሚል የሚናገር አንቀጽ አለ። መለያው ሌሊት 11 ሰዓት ነው፦ መጨናነቅ ከሆነ ያኔ ይለቃል፤ ገደብ ከሆነ ጥቅሉ እስኪታደስ ሌሊትም ቀንም ያው ነው። ገደቡ 100 ጊጋ ቢሆን በ10 ሜጋ ያለማቋረጥ ሲሳብ በ22 ሰዓት ያልቃል። ቪዲዮ በ1080 ጥራት ሲታይ በሰዓት 2 ጊጋ ገደማ ይበላል፣ በ480 ግን ግማሽ ጊጋ።

ከኮምቦልቻ፦ እኔው ነኝ። ታዲያ 10 ከፍዬበታለሁና 10 ይገባኛል ብዬ መከራከር አልችልም?

መልስ፦ ውሉን ያንብቡ። «እስከ 10 ሜጋ» ካለ ጣሪያውን እንጂ ወለሉን አልሸጡልዎትም። ዝቅተኛው ፍጥነት በጽሑፍ የሚረጋገጠው ብዙውን ጊዜ ለድርጅት በሚሸጥ የብቻ መስመር ላይ ነው፣ ዋጋውም በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ቢሆንም አቤቱታዎ ባዶ አይደለም። የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኛ ከሆኑ 994 ሲደውሉ «ኢንተርኔት አልሠራ አለ» ካሉ ሞደሙን አጥፍተው ያብሩት ይባላሉ። «በኬብል ለክቼ ሦስት ቀን ሌሊት 9.4፣ ማታ 2.8 ነው፤ የሰፈሩ ጣቢያ የሚወጣበት መስመር ሞልቶ እንደሆነ ይታይልኝ» ይበሉና የአቤቱታውን ቁጥር ይቀበሉ። ጎረቤትዎም ለክቶ ቢደውል ይበረታል።

ከኮምቦልቻ፦ ቢታይስ፣ መቼ ያሰፉታል?

መልስ፦ ያንን የሚመልስልዎ የኔትወርኩ ባለቤት ብቻ ነው። እስከዚያው የልጆቹን ቪዲዮ በ480 ያድርጉት፤ አንዱ 1 ሜጋ ገደማ ስለሚፈልግ በ2.8 ሁለት ልጅ ሳይቆራረጥበት ያያል። የስልኮቹን ማዘመኛና የፎቶ ምትኬ ወደ ሌሊት ይግፉት።