ብዥ ያደረግኩት ስልክ ቁጥር እንዴት ተነበበ?

«ጤና ይስጥልኝ። ከቤት ደላላ ጋር ቴሌግራም ላይ የተጻጻፍነውን ስክሪንሾት አንስቼ፣ የሰውየውን ስምና ስልክ በነጻ አፕ ብዥ አድርጌ የተከራዮች ግሩፕ ላይ ለጠፍኩት። እኔ ስልክ ላይ ምንም አይነበብም። ማታውኑ ግን አንድ ልጅ ቁጥሩን ሙሉውን በኢንቦክስ ላከልኝ፤ ስሙን ግን አላገኘውም። ምን አጥፍቼ ነው?»

እህቴ፣ መጀመሪያ የለጠፍሽውን አጥፊና ከዚያ ተመልሰሽ አንብቢ።

ልጁ ቁጥሩን አግኝቶ ስሙን ማጣቱ ነው ነገሩን የጠቆመኝ። ደላላውን ቢያውቀው ኖሮ ስሙንም ይነግርሽ ነበር። ያልተሸፈነው ፎቶ እጁ ቢገባም ሁለቱንም ባነበበ። ስለዚህ የፈታው ብዥታውን ራሱን ነው፣ አንድ በአንድ። አፑም ሞዛይክ የሚባለውን፣ ካሬ ካሬ የሚያደርገውን፣ ያውም በትንሹ የተጠቀመ ይመስለኛል። እነዚህ ማስታወቂያ የሞላባቸው ነጻ አፖች እንዲያምር እንጂ እንዲሰወር አልተሠሩም።

እዚህ ላይ ወሬ አበዛለሁ፣ ታገሺኝ። ሞዛይክ ፎቶውን በትናንሽ ካሬዎች ይከፍላል፤ በየካሬው ውስጥ ያለውን ጥቁርና ነጭ አማካይ ያወጣና ካሬውን በዚያ አንድ ግራጫ ይቀባዋል። አንቺ ስክሪንሾት ላይ አንዱ አሃዝ 24 ፒክስል ወርድና 36 ፒክስል ቁመት አለው እንበል። ካሬው 12 በ12 ከሆነ አሃዙ በ6 ግራጫ ካሬዎች ይተካል። ዓይናችን ከ6 ካሬ ምንም አያነብም። ግን 1 ቀጭን ስለሆነ ካሬዎቹ የነጡ ናቸው፤ 8 ቀለም ስለሚበዛበት ይጠቁራል፤ 7 ከላይ ጠቁሮ ወደ ታች ይሳሳል። ልጁ በዚያው የፊደል ቅርጽና መጠን ከ0 እስከ 9 ይጽፋል፣ በዚያው ልክ ብዥ ያደርጋል፣ ካንቺው ካሬዎች ጋር ያስተያያል። የገጠመው አሃዝ መልሱ ነው፤ ወደሚቀጥለው ያልፋል።

ሞባይል ቁጥራችን 10 አሃዝ ሆኖ በ09 ወይም በ07 እንደሚጀምር ማንም ያውቃል። የቀረው 8 አሃዝ በጭፍን ቢገመት 100 ሚሊዮን አማራጭ አለው። አንድ በአንድ ሲፈታ ግን ለእያንዳንዱ 10 ሙከራ፣ በድምሩ 80 ሙከራ ብቻ ነው። ስሙ ያመለጠው ፊደላችን ከ200 በላይ ስለሆነና ስሙም በምን እንደሚጀምር ስላላወቀ ነው። እሱም ቢሆን አያኩራሽ፤ ግሩፑ 40 አባላት አሉት ብንል፣ ደላላው ከነሱ አንዱ መሆኑን የጠረጠረ ሰው 40 ስም መሞከር ብቻ ነው የሚጠበቅበት።

ካሬ የሌለው፣ ጭጋግ የሚመስለው ብዥታም ያው ነው። እያንዳንዱ ነጥብ ቀለሙን ለጎረቤቶቹ ያካፍላል፤ ቀለሙ ተበተነ እንጂ አልጠፋም። ስለዚህ አሃዝን በብዥታ አትሸፍኚ። ድፍን ጥቁር ሳጥን ግን ከሥሩ 1 ይኑር 8 ሁሉም ነጥብ አንድ ዓይነት ጥቁር ነው። የሚያስተያዩት ነገር የለም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ዋናውን ስክሪንሾት በስልክሽ Edit ክፈቺና Markup ውስጥ ግቢ። ውስጡ የተሞላ ሳጥን ካለ እሱን፣ ከሌለ ወፍራም ብዕር ያዢ። Highlighter የሚለውን እንዳትነኪ! ሰው ሁሉ በሱ አምስት ጊዜ እየደጋገመ አጥቁሮ «ሸፍኜዋለሁ» ብሎ ይመጣል፤ ቀለሙ አሳላፊ ስለሆነ ፎቶው ሲፈካ ጽሑፉ ከሥሩ ይወጣል። ብዕሩም Opacity የሚል፣ ቀለሙ ምን ያህል ድፍን እንደሚሆን የሚወስን ማስተካከያ ካለው 100 ላይ አድርጊው። ሳጥኑን ከጽሑፉ አስረዝሚው፤ በስሙ ልክ ከተቆረጠ ስንት ፊደል እንደሆነ ይናገራል።

ከጨረስሽ በኋላ ያንኑ ፎቶ ስክሪኑ ላይ ሙሉ ከፍተሽ እንደገና ስክሪንሾት አንሺና የምትልኪው ይህንን ሁለተኛውን ይሁን። ኤዲት የተደረገ ፎቶ አንዳንዴ የቀድሞውን ይዞ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2023 የጉግል ፒክስል ስልኮች ላይ፣ ክሮፕ ተደርጎ የተጣለው የስክሪንሾት ክፍል ፋይሉ ውስጥ ቀርቶ መልሶ ሊወጣ እንደሚችል ተደርሶበታል። አዲስ ስክሪንሾት ግን ከቀድሞው ፎቶ ስክሪኑ ላይ ከሚታየው ሌላ ምንም አይዝም።

ከመለጠፍሽ በፊት ሁለተኛውን ፎቶ ክፈቺና ብርሃኑንና ጥላውን እስከ መጨረሻው ጨምሪው። ሳጥኑ ውስጥ የቁጥር ጥላ ከታየሽ ቀለሙ አሳላፊ ነበርና ከመጀመሪያው ጀምሪ።

የብዥታው መልክ የግድ ደስ የሚልሽ ከሆነ በድፍን ሳጥኑ ላይ የውሸት ቁጥር፣ 0900000000 ብለሽ ጻፊና አዲስ ስክሪንሾት ካነሳሽ በኋላ እሱን ብዥ አድርጊው። የፈታው ሰው ዜሮ ይለቅማል። እውነተኛውን አሃዝ ግን በብዥታ አትሸፍኚ፣ ደግሜ ነው የምልሽ።

ሌላው፣ ለመልእክቱ Reply ካደረግሽ ጥቅሱ ላይ የደላላው ስም ይደገማል፤ ፎቶ ከሌለውም ክቡ ውስጥ የስሙ የመጀመሪያ ፊደል አለ። በምትልኪው ምስል ላይ እነሱንም በሳጥን ድፈኛቸው።