የደረጃ መደገፊያ በብሎኬት ግድግዳ ላይ

«ደብረ ማርቆስ ላለው ቤታችን፣ ለእናቴ ስል የደረጃ መደገፊያ ግድግዳው ላይ ላስገጥም ነው። ግድግዳው ብሎኬት ነው። ቁመቱ ስንት ይሁን? ብራኬቱስ በስንት ሴንቲ ይራራቅ?»

ወንድሜ፣ ከሁሉም በፊት ያሳሰበኝ «ብሎኬት ነው» ያልከው ነው። ፍኖተ ሰላም ያለው ቤታችን ላይ መደገፊያው አምሮ ተገጥሞ ነበር። በሦስተኛው ወር አባቴ ሲደገፉት የላይኛው ብራኬት ከነፊሸሩ ተነቅሎ ወጣ። እግዚአብሔር አተረፋቸው። ቀዳዳውን ሳየው ፊሸሩ የያዘው ልስኑንና ስስ የብሎኬት ቅርፊት ብቻ ነው፤ ከኋላው ባዶ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ቦታዎቹን ምልክት አድርግና ብሳ። ድሪሉ ድንገት ወደ ውስጥ ከሾለከ ክፍተት አግኝቷል ማለት ነው። እዚያ ላይ ስምንት ሴንቲ ያህል በመሮ ክፈት፤ ሲሚንቶው ቁልቁል እንዳይፈስ ከቀዳዳው በታች የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ጠቅጥቅ፤ ውስጡን አርጥበህ አንድ ሲሚንቶ ለሦስት አሸዋ አድርገህ ሙላው። ሳምንት ሙሉ ውሃ እያጠጣህ ጠብቅና ያኔ ለፊሸሩ ብሳ። የኮንክሪት ኮለን ላይ ያረፈ ብራኬት ግን ይህ ሁሉ አያስፈልገውም።

ቁመቱ 90 ሴንቲ ይሁን። የሚለካው ከመርገጫው የፊት ጠርዝ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ፣ እስከ መደገፊያው አናት ነው። ብዙ ባለሙያ የሚሳሳተው ሜትሩን ለደረጃው ዘንበል ቀጤ ማዕዘን አድርጎ ሲይዝ ነው፤ ከፍታው 17፣ ስፋቱ 28 ሴንቲ በሆነ መርገጫ ላይ እንዲያ የተለካ 90 በቀጥታ ሲለካ 105 ገደማ ይወጣል፤ ለእናትህ ክንድ ይርቃል። ማርብሉ ካልተነጠፈም ውፍረቱን ከነማጣበቂያው አስብበት። ብራኬቱን ከመደገፊያው ቁራጭ ጋር አጋጥመህ ከአናቱ እስከ ቀዳዳው ያለውን ለካ፤ 7 ሴንቲ ከሆነ ግድግዳው የሚበሳው 83 ላይ ነው። ከታችና ከላይ ምልክት አድርገህ ሲባጎ ወጥርና ሌሎቹን በእሱ አሰልፍ።

ርቀቱን በእኛ ቤት ላሳይህ። መደገፊያው 3.9 ሜትር ነበር። ከሁለቱም ጫፍ 30 ሴንቲ ገባ ብለን ስንጀምር መሃሉ 3.3 ሜትር ቀረ። ለሦስት ብንከፍለው 110 ይሆናል፤ ሰው ሙሉ ክብደቱን ሲጥልበት እንዳይጎብጥ ከሜትር አላሳልፍም፤ ስለዚህ ለአራት ከፍለን በየ82.5 ሴንቲው አምስት ብራኬት አቆምን። መጀመሪያ የተገጠመው ሦስት ብቻ ነበረው።

በመደገፊያውና በግድግዳው መሃል ቢያንስ 4፣ ብትችል 5 ሴንቲ ተው፤ ያለዚያ ጣት ይላጣል። ጫፎቹን ወደ ግድግዳው አስጠምዝዛቸው፤ ክፍት ጫፍ የእናቶችን ነጠላ ይይዛል። ካለቀ በኋላ እናትህ ሳይነኩት በፊት አንተ በየብራኬቱ መሃል ሙሉ ክብደትህን ጣልበት፤ ልስኑ ዙሪያውን ከሰነጠቀ ያ ብራኬት ይነቀልና እንደገና ይሞላ።