ሜሪላንድ ሆኜ ሀዋሳ ያለው ዳቦ ቤቴን እህቴ ናት የምትመራው፣ 6 ዓመት ሆነን፣ ጠይቁኝ

ዛሬ ኦፍ ነኝ፣ ስለ ዘመድና ቢዝነስ የምትጠይቁትን አምጡ፣ የማውቀውን እመልሳለሁ።

«እህትህ እንደማትሰርቅህ እንዴት አወቅክ?»

አንደኛው ዓመት ላይ አላወቅኩም፣ እንደውም ትሰርቀኛለች ብዬ ነበር። ምን ሆነ መሰላችሁ፣ ከአንድ ኩንታል ዱቄት በ100 ግራም ዳቦ እኛ ጋ ወደ 1,300 ይወጣል፣ በቀን ሁለት ኩንታል ነው የሚቦካው፣ ስለዚህ 2,600 መሆን አለበት፣ እሷ ግን ሪፖርት የምታደርገው 2,250 ነው። በየቀኑ 350 ዳቦ የት ይገባል? ደውዬ ጮህኩባት፣ አለቀሰች፣ ሦስት ሳምንት አልተነጋገርንም። በኋላ እረፍት ወስጄ ሄድኩና እራሴ ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ። 120ው ለካፌዎች በዱቤ የሚሄድ ነው፣ እስኪከፍሉ ድረስ እሷ ሽያጭ ብላ አትመዘግበውም። 80 የሚሆነው እናታችን ቤትና ጎረቤት ጋ፣ 50 ያረረና የተሰበረ። የቀረው 100 ግን የራሷ ነው፣ ሸጣ ብሩን ትወስዳለች። ለምን? ምክንያቱም ደመወዝ ሰጥቻት አላውቅም! ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነስታ የምትሠራን ሰው «ቤተሰብ ናት» ብዬ በነጻ አሠርቼ እሷ ለራሷ ደመወዝ ቆረጠች። ከዛ ወዲህ ደመወዝ አላት፣ የቤት ዳቦ 60 ተብሎ ይጻፋል፣ ዱቤው ለብቻው ደብተር አለው። አሁን ልዩነቱ ከ40 አይበልጥም፣ እሱንም አልጠይቅም።

«ካሜራ ብታስገባ አይቀልም ነበር?»

አስገብቻለሁ። መብራት ሲጠፋ እሱም ይጠፋል፣ ሲኖርም ማን ቆሞ እንደሚያወራ ነው የሚያሳየው። እኔ የዱቄቱን ጆንያ ነው የምቆጥረው። ነጋዴው ሲያደርስ ደረሰኙን በቴሌግራም ፎቶ ይልክልኛል፣ ያ ከእህቴ እጅ ውጭ ነው። ብሩ ደግሞ በኔ ስም ባለው አካውንት ይገባል፣ እሷ ታስገባለች እንጂ አታወጣም፣ ለወጪ የራሷ ቴሌብር አላት።

«እኔ ሪያድ ነኝ ሰው ቤት ነው የምሠራው፣ ለወንድሜ ባጃጅ ገዛሁለት፣ ሊብሬው በሱ ስም ነው፣ አሁን ስደውል አያነሳም፣ ምን ላድርግ»

እህቴ፣ የኔን ዓይነት ጥያቄ አይደለም ያመጣሽው፣ ግን አላልፈውም። በወረቀት ባጃጁ የሱ ነው። ብሩን አበድሬው ነው ብትዪ እንኳ ሕጉ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ እንዲረጋገጥ ነው የሚፈልገው፣ ካልሆነ እሱ ራሱ ማመን ወይ መማል አለበት። የሐዋላ ደረሰኞችሽን አትጣያቸው፣ ብር መላክሽን ያሳያሉ፣ ለምን እንደላክሽ ግን አይናገሩም። ቴክስት ላይ «የባጃጁ ገቢ» ብሎ የጻፈልሽ ካለ እሱ ይሻላል፣ ስክሪንሾት አንሺው። ከክስ በፊት ግን የሚሰማውን አጎት ወይ የነፍስ አባት አስገቢ፣ በሽማግሌው ፊት ወንድምሽ አንድ ወረቀት እንዲፈርም። ይፈርማል አይፈርምም እኔ አላውቅም።

«ብሮ ለምን ትጨናነቃላችሁ፣ ሙሉ ውክልና ሰጥቶ መገላገል ነው፣ እኔ ለአጎቴ ሰጥቼ ሁሉን ነገር እየሠራልኝ ነው»

ግማሹ ልክ ነህ፣ ያለ ውክልና ንግድ ፈቃድ እንኳ ማሳደስ ስቃይ ነው። ግን «ሙሉ» የሚባለው ሁሉንም ነገር አይችልም፣ ጠቅላላ ውክልና የማስተዳደር ሥራ ነው የሚሸፍነው፣ መሸጥና ማስያዝ ተለይቶ ካልተጻፈ አይችልም። ችግሩ ጸሐፊው ጋ ሲኬድ «እንዳይጎድል» እየተባለ መሸጥ መለወጥ ማስያዝ ሁሉም ይገባል፣ ሰውም ሳያነብ ይፈርማል። እስቲ ወረቀትህን አውጥተህ አንብበው። ደግሞ ለመሻር ስልክ አይበቃም፣ እንደሰጠኸው በኤምባሲ ወይ ቆንስላ ታደርገዋለህ፣ ውጭ ጉዳይና ሰነዶች ማረጋገጫ ያልፋል፣ ለባንኩም ለንግድ ቢሮውም ማሳወቅ አለብህ፣ ሳይሰሙ የሠሩትን ነገር መልሶ ማፍረስ ከባድ ነው።

«አጎቴ እንደዛ አይደለም ባክህ»

የኔም እህት አይደለችም፣ አንብበው ብቻ።

«ጋሼ፣ ሀገር ቤት አሁን ምን ቢዝነስ ያዋጣል?»

😂 እሱን ለሌላ ጊዜ። የኔ ነገር ግን ይሄ ነው፦ ከሩቅ ሊቆጠር የሚችል ነገር ብቻ ነው የምገባበት። ወፍጮ ቤት ቢሆን ቆጣሪው ይነግርሃል፣ ዳቦ ቤት ጆንያው። ቡቲክ ግን አልደፍርም፣ አንድ ቀሚስ በስንት እንደተሸጠ ከሻጭና ከገዢ ሌላ ማን ያውቃል። የሚያተርፈውን ትቼ የሚቆጠረውን መርጫለሁ፣ ብዙ ትርፍ አምልጦኝ ይሆናል።

«ብትሞትስ ዳቦ ቤቱ የማን ነው? ይቅርታ ግን»

ምንም ይቅርታ አያስፈልገውም፣ ባለቤቴም ባለፈው ጠየቀችኝ። ውክልናው እኔ ስሞት አብሮ ይሞታል፣ እህቴ ደግሞ 6 ዓመት ለፍታበታለች። ድርሻ ልጽፍላት አስቤአለሁ፣ ስንት የሚለው ላይ ከባለቤቴ ጋር ገና አልተስማማንም።